ስማርት ቴርሞስታትና የጠፋው «ሲ» ሽቦ
በአሜሪካ የቆዩ ቤቶች ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ወይም ቴርሞስታት እንደ ተራ ማብሪያ ነው፤ ሁለት ሽቦዎች ሲገናኙ ማሞቂያው ይነሳል፣ ሲለያዩ ይጠፋል። ስማርቱ ግን ለዋይፋዩ የማይቋረጥ 24 ቮልት ይፈልጋል። የኤሌክትሪኩ መመለሻ የሆነው «ሲ» ሽቦ ከሌለ፣ ከማሞቂያው መስመር ጥቂት ኃይል እየወሰደ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ሲደክም ዋይፋዩ ይቋረጣል፤ ሰዎች ግን በከንቱ ራውተር ይለውጣሉ! ግንኙነቱ ጠፍቶ ቆይቶ በራሱ የሚመለስ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሽቦውን ይጠርጥሩ።

የማሞቂያውን ኃይል ከብሬከር ሳጥኑ አቋርጠው፣ ግድግዳው ውስጥ የተጠቀለለ ትርፍ ሽቦ ይፈልጉ። ከተገኘ በሁለቱም ጫፍ «ሲ» ላይ ይታሰር፤ ብዙዎች የሚረሱት የማሞቂያውን ጫፍ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ኃይሉን በሚያመጣው «አር» እና በ«ሲ» መካከል 24 ቮልት ገደማ መለካት አለበት። ሽቦዎቹ ወፋፍራም ከሆኑ ግን መስመሩ 120 ወይም 240 ቮልት ሊሆን ስለሚችል አይንኩት፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።