በሰብል ፎቶ ላይ የበረሃ አንበጣን ከተራ ፌንጣ መለየት

የበረሃ አንበጣ ራሱ ከፌንጣ ወገን ነው፤ ብቻውን ሲኖር ጠባዩም መልኩም ከተራ ፌንጣ ብዙም አይለይም። ቁጥሩ በዝቶ እርስ በርስ ሲጠጋጋ ግን በመንጋ መጓዝ ይጀምራል፣ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ በወሎና በራያ በደረሰ ጤፍና ማሽላ ላይ እንዳረፈው ያለ መንጋ ሲመጣ፣ ከማሳ በስልክ የተነሣን ፎቶ በትክክል ማንበብ የግድ ይሆናል። ፎቶውን የሚያይ ሰው ከቅርጽ ቢጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም የነፍሳቱን ወገን የሚነግረው ቅርጹ ሲሆን፣ ቀለሙ የሚነግረው ዕድሜውንና መንጋ መሆን አለመሆኑን ነው።

የአንበጣው ፊት ከጎን ሲታይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው። በሣር መካከል የሚገኙ ብዙ ፌንጣዎች ግን ፊታቸው ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ጭንቅላታቸውም ሾጠጥ ያለ ነው። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው የደረት ሽፋን በመንጋ አንበጣ ላይ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ኮርቻ ይመስላል። ክንፉ ረጅም ሆኖ ከሆዱ ጫፍ ያልፋል፤ የላይኛው ክንፍም ጠቆር ባሉ ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ነው። ከሥር በኩል ከተነሣ ደግሞ በፊት እግሮቹ መካከል አንዲት ደንዘዝ ያለች ጉጥ ትታያለች።

ቀለሙን ስንመለከት፣ ክንፍ አውጥቶ ለእንቁላል ያልደረሰ የመንጋ አንበጣ ሮዝ ሲሆን፣ ሲጎለምስ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ በመንጋ ሲኖር ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር ነው፤ ብቻውን የሚያድገው ኩብኩባ ግን አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አረንጓዴነት ብቻውን ፌንጣ መሆኑን አያረጋግጥም። ሙሉ ክንፍ ኖሮት አረንጓዴ የሆነ ነፍሳት ግን የበረሃ አንበጣ አይደለም።

ለምሳሌ በማሽላ ዛላ ላይ ያረፈ ቢጫ ነፍሳት ፎቶ ደረሰን እንበል። ፎቶው አመሻሽ ላይ ተነሥቶ ከሆነ የፀሐይዋ ብርሃን ቡናማውን ፌንጣ ጭምር ቢጫ ያስመስለዋል። ይህን ለማጣራት በስተጀርባ ያለውን አፈርና ቅጠል ማየት ነው፤ እነሱም ቢጫ ከለበሱ ቀለሙ አይታመንም። ከዚያም ፊቱ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ክንፉ ነጠብጣብ እንዳለውና ኮርቻው መታየቱን እናያለን። ሦስቱም ከተገኙ፣ ቢጫነቱም በቀን ብርሃን ከተነሣ ሌላ ፎቶ ከተረጋገጠ፣ የጎለመሰ የመንጋ አንበጣ ነው ማለት ይቻላል።

አስቸጋሪው ብቻውን ያለው ቡናማ አንበጣ ነው፤ ኮርቻው ብዙም አይጎላም፣ ቀለሙም ከአፈር ጋር ይመሳሰላል። ከላይ ብቻ በተነሣ ፎቶ ላይ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ስለማይቻል፣ ላኪው ከጎንና ከሥር በኩል፣ ለመጠን ማነጻጸሪያም የክብሪት እንጨት አጠገቡ አድርጎ ደግሞ እንዲያነሣው መጠየቅ ያስፈልጋል።