የሻርትር ካቴድራል ግድግዳ በምን ቆመ?

ሻርትር ከፓሪስ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች የፈረንሳይ ከተማ ናት። በ1194 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካቴድራሏን አብዛኛውን ክፍል እሳት በላው። ወዲያው እንደገና መሥራት ተጀመረ። ዋናው ሕንፃ ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቆመ። ውስጡ ገብቶ ቀና ያለ ሰው የድንጋይ ጣሪያውን 37 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያየዋል። ያ የአሥራ ሁለት ፎቅ ቁመት ነው። በዙሪያው ደግሞ ግድግዳ መሆን በነበረበት ቦታ ሰማያዊና ቀይ መስታወት ይበራል። መስታወቱ ሁሉ ሲደመር ከ2,500 ካሬ ሜትር በላይ ነው።

ፌሮ የለውም፣ አርማታ የለውም። ሲሠራ ድንጋይ፣ ኖራና እንጨት ብቻ ነበር፤ ብረት ቢኖርም ጥቂት ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ የተሸከመው ምንድን ነው? መልሱ ከውስጥ አይታይም። ወጥቶ ሕንፃውን መዞር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ። ሁለት ደብተር አናት ለአናት አደጋግፈን ጠረጴዛ ላይ ብናቆማቸው፣ እግራቸው ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ይወድቃሉ። የድንጋይ ቅስት ጣሪያም ጠባዩ ይኸው ነው። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ግድግዳውን ወደ ውጭም ይገፋል። ይህ ግፊት ቀን ከሌት አያቋርጥም። ግድግዳው በረዘመ ቁጥር ደግሞ አናቱን ገፍቶ መጣል ይቀላል።

ከዚያ በፊት የነበሩት ግንበኞች መፍትሔያቸው ግድግዳውን ማወፈር ነበር። ወፍራም ግድግዳ በራሱ ክብደት ግፊቱን ይችለዋል። ግን ሰፊ መስኮት ከተከፈተበት ያ ክብደት ይጎድላል። ስለዚህ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ቤቱም ጨለማ ይሆን ነበር።

ሻርትር የተሠራበት ስልት ጎቲክ ይባላል። የጎቲክ ግንበኞች ሁለት ነገር አጣመሩ። የመጀመሪያው ጣሪያው ላይ ነው። ከታች ሲታይ ጣሪያውን እንደ ጎድን አጥንት የሚያቋርጡት ቀጫጭን ቅስቶች አሉ። በዚህ ዓይነት ጣሪያ ክብደቱ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ አይበተንም። በየተወሰነ ርቀት፣ ምሰሶዎቹ ባሉበት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ግፊቱ የት እንደሚያርፍ ከታወቀ፣ ድጋፍ የሚያስፈልገው እዚያው ነጥብ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ድጋፉ ራሱ ነው። ያዘመመ የጭቃ ቤት ከውጭ በባሕር ዛፍ ግንድ ሲደገፍ ያላየ የለም። ግንዱ አንድ ጫፉ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ጫፉ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። ግድግዳው ሲገፋው ግፊቱን ተቀብሎ ወደ መሬት ያወርደዋል። ፈረንሳዮች አርክ ቡታን የሚሉት፣ እኛ በራሪ ድጋፍ ልንለው የምንችለው ነገር ሥራው ይኸው ነው። ግማሽ ቅስት የሆነ የድንጋይ ክንድ ከግድግዳው አናት አካባቢ ይነሳል። በዝቅተኛው የጎን ጣሪያ ላይ አየር ለአየር ይሻገራል። ከዚያም ከሕንፃው ወጣ ብሎ በቆመ ግዙፍ የድንጋይ ምሰሶ ላይ ያርፋል። የግድግዳው ውፍረት አልጠፋም፤ ተቆራርጦ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ይቻላል።

ሻርትር ላይ ክንዶቹ ድርብ ናቸው። ሁለት ቅስቶች አንዱ ከሌላው በላይ ተሠርተው፣ በመካከላቸው አጫጭር ዓምዶች እንደ ጋሪ እግር ሽቦ ተደርድረው ያያይዟቸዋል። ከነሱ በላይ ሦስተኛ ቀጭን ክንድ አለ። ሥራቸውም ይለያያል። የታችኞቹ የቅስት ጣሪያውን ግፊት ይቀበላሉ። የላይኛው የሚጠቅመው ለነፋስ ነው፤ ከድንጋዩ ጣሪያ በላይ ሌላ ትልቅ ሹል ጣሪያ ስላለ፣ ማዕበል ሲነሳ እንደ ሸራ ነፋሱን ይይዛል።

እንግዲህ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ግድግዳ ሥራ ፈታ። የሚሸከመው ከራሱ የማይዘል ሆነ። ግንበኞቹም ከፈቱት። በየክፍሉ ሁለት ረጃጅም መስኮቶች፣ በላያቸውም አንድ ክብ መስኮት አደረጉ። የላይኛው የመስኮት ረድፍ ቁመቱ ከታችኞቹ የምሰሶ ቅስቶች ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ቀድሞ በሌሎች ካቴድራሎች ግድግዳውን ለመደገፍም ያገለግል የነበረው የሰገነት ፎቅ እዚህ ቀርቷል፤ ቦታውን መስታወት ወሰደው።

መስታወቱም ቢሆን እንዲሁ የተንጠለጠለ አይደለም። ትንንሽ ቁራጮች በእርሳስ ጠርዝ ተያይዘው ገበታ ይሆናሉ። ገበታዎቹ ደግሞ ድንጋዩ ውስጥ በተቀበሩ የብረት ዘንጎች ላይ ይታሰራሉ። ነፋስ ሲመታቸው ግፊቱ ከእርሳሱ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ድንጋዩ፣ ከዚያም በክንዶቹ በኩል ወደ ውጭው ምሰሶ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ክንዱ ዝም ብሎ የቆመ ግንድ አይደለም። ራሱ ቅስት ስለሆነ እሱም ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ጣሪያው ወደ ውጭ፣ ክንዱ ወደ ውስጥ እየተገፋፉ ነው የሚኖሩት። በኤፕሪል 2019 የፓሪሱ ኖትርዳም ሲቃጠል የቅስት ጣሪያው በከፊል ተደረመሰ። መሐንዲሶቹ የፈሩት የቀረው ጣሪያ ቢወርድ ክንዶቹ ያለ ተቃራኒ ግፊት ቀርተው ግድግዳውን ወደ ውስጥ እንዳይጥሉት ነበር። ስለዚህ በ28ቱም ክንዶች ሥር በልካቸው የተቆረጠ የእንጨት ድጋፍ አስገቡ። ድሮ ክንዶቹ ሲሠሩም ቅርጻቸውን የያዘው እንዲህ ያለ የእንጨት ካሳፎርማ ነበር። ኖራው ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ እንጨቱን ቶሎ ማንሳት አይቻልም ነበር።

ድጋፉ ሲደክም ምልክት ይሰጣል። ግድግዳዎቹ ጥቂት እንኳ ከተራራቁ፣ የጣሪያው መካከል ከሥሩ በረጅሙ ይሰነጠቃል። ክንዶቹ ላይም የድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ይከፈታል። ዝናብ ገብቶ ኖራውን ሲያጥበው ነገሩ ይብሳል። በ1316 ሻርትርን እንዲመረምሩ የተጠሩ ባለሙያዎች ካስጠነቀቁባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ የክንዶቹ መገጣጠሚያ ቶሎ ካልተጠገነ ትልቅ ጉዳት ሊደርስ ይችላል አሉ።

ከፍታውም ልክ አለው። በሰሜን ፈረንሳይ ያለው የቦቬ ካቴድራል ግንበኞች ጣሪያቸውን 48 ሜትር ገደማ አደረሱት። የመዘምራኑ ክፍል በ1272 አለቀ። በ1284 ከጣሪያው ብዙው ክፍል ወደቀ። ምክንያቱ ላይ ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙም። አንዳንዶች በክንዶቹ መካከል ያለ ቀጭን ምሰሶ በነፋስ ተሰነጠቀ ይላሉ፤ ሌሎች ምሰሶዎቹ ተራራቁ ይላሉ። ጠጋኞቹ ግን ከፍታውን አልቀነሱም። በነበሩት ምሰሶዎች መካከል አዳዲስ ምሰሶ አስገብተው መልሰው ሠሩት። ዛሬ ቦቬ ውስጥ የቆመ ሰው ቅስቶቹ የተጠጋጉና የጠበቡ ሆነው ያያቸዋል።