የተደበቀ ካሎሪ ምንድን ነው? ከድስቱ በፊት ጀሪካኑን እንመዝን

ባለፈው ፍልሰታ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ጾሙ ሲገባ ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ተከፈተ። ጾሙ ሲፈታ ጀሪካኑ ተገልብጦ ይንጠባጠብ ነበር። ቤት ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። «በጾም ምን ይበላል ብለህ ነው?» ትላለች እናቴ።

እስቲ እናካፍለው። 3 ሊትር ለ15 ቀን ሲካፈል በቀን 200 ሚሊ ሊትር ነው። ለአምስት ሰው ደግሞ ለእያንዳንዳችን 40 ሚሊ ሊትር ይደርሰናል። ይህ በክብደት 37 ግራም ገደማ፣ በካሎሪ ወደ 330 ነው። 90 ግራም የሽሮ ዱቄት ከሚሰጠው ጋር እኩል ማለት ነው። ሽሮውን ግን በልተነዋል፣ አይተነዋል፣ ጠግበንበታል። ዘይቱን ያየው ሰው የለም። የተደበቀ ካሎሪ የሚባለው ይኸው ነው፤ ስንበላው የማናየውና ስንቆጥር የምንዘለው።

ለምን ዘይትና ቅቤ ሆኑ? አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስኳር ደግሞ 4 ገደማ። ሌላው ምክንያት ውሃ ነው። ሽሮ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ 150 ግራም ዱቄት ድስት ይሞላል። ምስርም፣ ጎመንም፣ ድንችም ግማሽ አካላቸው ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ሆኖ ነው ሳህን ላይ የሚቀርቡት። ዘይት ውሃ አይጠጣም፣ አያብጥም። ሽንኩርቱ ውስጥ ይገባል፣ ሽሮው ይመጠዋል፣ የቀረውን እንጀራው ከሥር ይጨርሰዋል።

አንድ ቀን የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይዤ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። እናቴ ሳቀችብኝ፤ እኔም ጀሪካኑን መመዘን ጀመርኩ። ዘዴው ቀላል ነው። ድስቱን ሳይሆን ዘይቱ የሚቀዳበትን ዕቃ ነው የምንመዝነው። ከመቅዳት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተቀዳ በኋላ አንድ ጊዜ። ልዩነቱ ድስት ውስጥ የገባው ዘይት ነው። የጀሪካኑ የራሱ ክብደት አያሳስብም፣ በመቀነሱ ይጠፋል።

መጀመሪያ 2,140 ግራም ነበር። ሽንኩርቱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ 2,040 ሆነ። 100 ግራም ገባ። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ እንሳሳት ነበር። ሽሮው ሊወጣ ሲል እናቴ እንደገና ጀሪካኑን አነሳችና «እንዲያምር» ብላ ከላይ ጠብ አደረገች። ስመዝነው ጠብታው 38 ግራም ሆኖ ተገኘ። ስንት ያስገባሽ ይመስልሻል ብዬ ስጠይቃት «ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው» አለችኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው። ድስቱ ውስጥ የገባው ወደ አሥር ማንኪያ ነበር።

አሁን ድስቱን እንቁጠረው። 150 ግራም የሽሮ ዱቄት 540 ካሎሪ ገደማ ነው። 300 ግራም ሽንኩርት 120 ገደማ። 138 ግራም ዘይት ሲባዛ በ9፣ 1,242። ድምሩ 1,900 ይጠጋል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ዘይት ነው። ስሙ ግን ሽሮ ወጥ ነው። ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 380 ይደርሳል፤ 250ው ዘይት። እንጀራው ገና አልተቆጠረም።

ዘይቱ የኑግም ይሁን የሱፍ ወይም የሚረጋው የፓልም፣ ለዚህ ስሌት ልዩነት የለውም። ሁሉም በግራም 9 ነው። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ አይቶ እጁን የሚፈታ ሰው አውቃለሁ። የአትክልት ዘይት ዱሮም ኮሌስትሮል የለበትም። ጽሑፉ ስለ ካሎሪ የሚለው ነገር የለም።

ቅቤ ትንሽ ይለያል። ከገበያ የመጣ ለጋ ቅቤ ውሃም አለበት፤ በ100 ግራም 720 ካሎሪ ገደማ ነው። ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ አተላው ይቀራል። የነጠረው ስብ ብቻ ስለሆነ 100 ግራሙ ወደ 880 ይደርሳል። ስለዚህ የሚመዘነው የነጠረው ነው። 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝቶ ወሩን ሙሉ በዚያ ማስላት ቁጥሩን ያበላሸዋል። ሌላም ነገር አለ፤ እኛ አገር ቅቤ ሁሉ አይበላም። ከዕቃው ተቀንሶ ጸጉር የተቀባው በወጥ ላይ እንዳይቆጠር!

ቅቤው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ገንፎ ላይ ነው። የእኛን ሲኒ ስለካው 70 ሚሊ ሊትር ያዘ። ገንፎው መሃል አንድ ሲኒ የቀለጠ ቅቤ ሲፈስ 64 ግራም ነው፣ ወደ 560 ካሎሪ። ገንፎው የተሠራበት 150 ግራም የገብስ ዱቄት 520 ገደማ ነው። ጉድጓዱ ከተራራው በለጠ።

ሚዛን ከሌለ መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይገዛል። የቤታችሁን ማንኪያና ሲኒ በውሃ እየሞላችሁ አንድ ጊዜ ለኩ። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል እንጂ የቤት ማንኪያ ይለያያል። የተገኘውን ሚሊ ሊትር በ0.92 ካባዛችሁ የዘይቱ ግራም ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ሚሊ ሊትሩን በቀጥታ በ9 ያባዛል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አልጣላውም። የረጋ ቅቤ ግን በማንኪያ አይለካም። ክምር ማንኪያ ከሙሉ ማንኪያ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ይቅለጥ ወይም ይመዘን።

ለጥብስ ሌላ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ላይ የተጠበሰ ቀረሶ የሚወድ ሰው መጥበሻው ውስጥ የገባውን ዘይት በሙሉ አይበላም። ዘይቱን ከመጥበስ በፊት መዝኑ፣ ሲበርድ የተረፈውን መዝኑ፣ ልዩነቱ ዓሣው የመጠጠው ነው። ወንፊቱ ላይና ወረቀቱ ላይ የቀረም ስላለ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል።

ልኬቱ ድስቱን እንጂ ሰውን እንደማይለካ ልብ በሉ። ወጥ ሲቀመጥ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የተቀዳለት ሰው የበለጠ ያገኛል። አንድ ትሪ ላይ ስንበላ ደግሞ ማን ስንት እንደጎረሰ ማንም አያውቅም። አማካዩን መያዝ ነው፤ ከመቀዳቱ በፊት ደህና አድርጎ ማማሰል ይረዳል።

ከዚያ በኋላ እናቴ ምን አደረገች? ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላዋለች፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ታደርግበታለች። ዘይቱን ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ በሲኒ አንድ ጊዜ ታስገባለች። አንድ ሲኒ 64 ግራም ነው፤ ከበፊቱ ግማሽ አይሞላም። ያችን የመጨረሻዋን «እንዲያምር» ግን አልተወችም። አሁን በሻይ ማንኪያ ነው የምታደርጋት፣ እኔን እያየች።