ሪል ከሪል፣ ኖሚናል ከኖሚናል፦ የአንድ ብሎኬት ማሽን ሒሳብ በድሬዳዋ

ሳቢያን አካባቢ ብሎኬት ማምረቻ ሊከፍት ያሰበ ሰው ሒሳቡን የሚጀምረው ከዛሬ ዋጋ ነው። ብሎኬቱ ዛሬ ስንት ይሸጣል፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የቀን ሠራተኛው ስንት ይወስዳል ብሎ ይቀንስና የተረፈውን ለአምስት ዓመት እየደጋገመ ይጽፋል። በየዓመቱ 300 ሺህ ብር እንበል። ምንም ችግር የለውም። በዛሬ ብር ስለተጻፈ "ሪል" የገንዘብ ፍሰት ይባላል። ዋጋ በጨመረ ቁጥር እያሳደገ ቢጽፈው ደግሞ "ኖሚናል" ይሆን ነበር።

ጣጣው ያለው የነገውን ብር ወደ ዛሬ በሚመልስበት ተመን ላይ ነው። ተመኑም ሪልና ኖሚናል አለው። ባንክ ወለድ ሲነግርህ የሚነግርህ ኖሚናሉን ነው፤ የዋጋ ንረቱ ውስጡ አለ፣ ወይም ሊኖር ይገባል። ሁለቱን የሚያገናኘው አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ኧርቪንግ ፊሸር በስሙ የሚጠራለት ቀመር ነው፦

`(1 + n) = (1 + r) × (1 + i)`

n ኖሚናል ተመን፣ r ሪል ተመን፣ i የዋጋ ንረት ነው። ለምሳሌ ያህል ንረቱን 25 በመቶ፣ ባለማሽኑ ከንረት በላይ የሚፈልገውን ትርፍ 8 በመቶ እናድርገው። 1.08 በ1.25 ሲባዛ 1.35 ይመጣል። ስለዚህ ኖሚናሉ 35 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ከ35 ላይ 25 ቀንሶ "ሪሉ 10 ነው" ይላል። ንረቱ 3 በመቶ በሆነበት አገር ይሄ አቋራጭ ብዙም አይጎዳም። እኛ ጋ ግን ሁለት ሙሉ ነጥብ ያሳስታል።

ማሽኑ ከነመትከያው 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። በዛሬ ብር የተጻፈውን 300 ሺህ በ8 በመቶ ስንመልሰው፣ ማለትም የየዓመቱን በዓመቱ ቁጥር ልክ ለ1.08 ደጋግመን ስናካፍለው፣ የአምስቱ ዓመት ድምር ወደ 1.198 ሚሊዮን ይሆናል። ማሽኑ ዋጋውን መልሶ ወደ 198 ሺህ ያተርፋል። በሌላው መንገድም ብትሄድ ለውጥ የለውም፦ የመጀመሪያው ዓመት 300 ሺህ በንረቱ 375 ሺህ ይሆናል፣ ለ1.35 ሲካፈል 277,778። ሪሉም 300 ሺህ ለ1.08 ተካፍሎ ያው 277,778 ነው።

አሁን እናደባልቀው። በዛሬ ብር የተጻፈውን 300 ሺህ በ35 በመቶ ብትመልሰው ድምሩ 666 ሺህ ብቻ ይሆናል። ደህናው ማሽን ከሰረ ማለት ነው። ንረቱ ሁለቴ ተቀነሰ። ገልብጠህ በንረት ያደገውን ገቢ በ8 በመቶ ብትመልሰው ደግሞ ወደ 2.38 ሚሊዮን ይደርሳል፤ በዚህ ሒሳብ ማንም ቤቱን አስይዞ ይበደራል። የባንክ ቁጠባ ወለድን መለኪያ ማድረግም ከዚሁ አይርቅም። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ሪል ተመኑ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። አዋቂውን ሳይቀር የሚጥለው የእርጅና ቅናሽ ነው። የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። ማሽኑ በአምስት ዓመት እኩል ይቀነሳል ካልን በየዓመቱ 200 ሺህ ከትርፍ ላይ ይነሳል፣ ከግብር 60 ሺህ ይተርፋል። ግን ቅናሹ የሚሰላው ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ነው። ብሎኬቱ ቢወደድ፣ ደሞዙ ቢያድግ፣ ያቺ 60 ሺህ በአምስተኛው ዓመትም 60 ሺህ ናት። ስለዚህ በዛሬ ብር በተጻፈ ሰንጠረዥ ውስጥ ብትቀመጥም ኖሚናል ናት።

የሽያጭ ትርፉ ከግብር በኋላ በዛሬ ብር 210 ሺህ ነው፤ በ8 በመቶ 838 ሺህ ይሆናል። 60 ሺዋን በ35 በመቶ ስንመልሳት 133 ሺህ ትጨምራለች። ድምሩ 971 ሺህ ነው፣ ከማሽኑ ዋጋ 29 ሺህ ያህል ይጎድላል። ሳያስተውል 60 ሺዋንም በ8 በመቶ የመለሰ ሰው ግን 240 ሺህ ይቆጥርላታል፣ ድምሩም 1.078 ሚሊዮን ይሆንለታል። አንዱ "ተወው" ሲል አንዱ "ግዛ" ይላል፤ በአንድ መስመር ምክንያት።

ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር "ዋጋ ሲንር ይሄም አብሮ ይንራል?" ብለህ ጠይቀው። የማይንር ከሆነ፣ እንደ እርጅና ቅናሽ፣ ወይም በውል እንደታሰረ የቦታ ኪራይ፣ ኖሚናል ነው። ሒሳቡንም በሁለቱም መንገድ ሥራው፤ ውጤቱ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተደባልቋል።

ደግሞ ሁሉም ነገር እኩል አይወደድም። ሲሚንቶ አንዳንዴ ከብሎኬቱ ቀድሞ ይሮጣል፣ የማሽኑ መለዋወጫ ደግሞ የሚከተለው ዶላሩን ነው። እንዲህ ሲሆን "የዛሬ ብር 300 ሺህ" የሚለው ራሱ አይቆምም። እኔ ብሆን ሪሉን ትቼ እያንዳንዱን ወጪ በራሱ ጭማሪ በኖሚናል እጽፈዋለሁ፣ ሁሉንም በአንዱ 35 በመቶ እመልሰዋለሁ።