ማይቶኮንድሪያን ከጉበት መለየት፦ ዝቃጩ ለምን ንጹህ አይሆንም?

አራት ኪሎ አካባቢ ከሉካንዳ ቤት ጉበት ይዞ የሚወጣን ሰው ያየ ሁሉ ዱለት ነው የሚያስበው። ላብራቶሪ የሚገባ ከሆነ ግን ጉበቱን የሚፈልገው ለሌላ ነገር ነው። የጉበት ህዋስ በማይቶኮንድሪያ የተሞላ ነው፤ ሥጋውም ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይፈጫል። አንድ ችግር አለ። እንስሳው ከታረደ ሰዓታት ካለፉ ማይቶኮንድሪያው ኃይል የማምረት አቅሙ ይዳከማል። መለየቱን ለመማር ግን ያገለግላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አምስት ግራም ጉበት በበረዶ ላይ በመቀስ ይከታተፋል። ደሙ እስኪለቅ ይታጠባል። ከዚያ 45 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የሱክሮስ ውህድ ይጨመርበታል። በሊትር 85.6 ግራም ሱክሮስ ማለት ነው፤ ሱክሮስ ደግሞ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ራሱ ነው፣ የላብራቶሪው ይበልጥ ንጹህ ከመሆኑ በቀር። በተራ ውሃ ቢፈጭ ማይቶኮንድሪያው ውሃ ስቦ ያብጥና ይፈነዳል። ሆግቡም፣ ሽናይደርና ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1948 ሱክሮስን የተጠቀሙትም ጨው ውስጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው።

መፍጫው የብርጭቆ ቱቦና በልኩ የተሠራ የቴፍሎን ዘንግ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይበቃል። ሲበዛ ኒውክለሱ ይፈርስና ዲኤንኤው ይፈሳል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። እዚያ ከደረሰ አዲስ ጉበት መጀመር ይሻላል።

የተፈጨው በሻሽ ተጠልሎ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በስበት 600 እጥፍ ለ10 ደቂቃ ይዞራል፤ ኒውክለስና ያልተፈጩ ህዋሶች ይዘቅጣሉ። ከላይ የቀረው ፈሳሽ ወደ ሌላ ቱቦ ይገለበጥና በ10,000 እጥፍ ለ10 ደቂቃ ይዞራል። አሁን የሚዘቅጠው ቡናማ ነገር በአብዛኛው ማይቶኮንድሪያ ነው። የቀረው በ100,000 እጥፍ ለአንድ ሰዓት ሲዞር ጥቃቅን የሽፋን ቁርጥራጮች ይወርዳሉ። ይህ የመጨረሻው አልትራሴንትሪፊውጅ ይጠይቃል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ደብተሩ ላይ «10,000 ዙር» ብሎ ሲጽፍ ነው። ዙር ብቻውን ምንም አይናገርም።

```
RCF = 0.00001118 × r × N²
```

RCF የስበት እጥፉ ነው። r ከመሐል እስከ ቱቦው ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ነው፣ N ደግሞ በደቂቃ የሚዞረው ዙር። r 10 ከሆነ 10,000 እጥፍ ለማግኘት 9,460 ዙር ገደማ ያስፈልጋል። በዚያው ዙር r 6 የሆነ ማሽን የሚሰጠው 6,000 እጥፍ ብቻ ነው፤ ከማይቶኮንድሪያው የተወሰነው ሳይዘቅጥ ከላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የመጀመሪያው ዝቃጭ ውስጥ ሁልጊዜ ማይቶኮንድሪያ ይገኛል። ለምን? ሲጀመር ሁሉም ነገር ቱቦው ውስጥ እኩል ተበትኗል። ከላይ ያለ ኒውክለስ ታች ለመድረስ ሙሉውን ርቀት ይጓዛል፤ ታች አጠገብ የነበረ ማይቶኮንድሪያ ግን መንገዱ አጭር ነው። ኒውክለሱ ሙሉውን በሚጨርስበት ጊዜ አንድ አሥረኛ ፍጥነት ያለው ቅንጣት የርቀቱን አንድ አሥረኛ ይሄዳል። ስለዚህ ከጠቅላላው 10 በመቶው አብሮ ይዘቅጣል። ዝቃጩን እንደገና በሱክሮስ በትኖ ማዞር ይህን ወደ 1 በመቶ ያወርደዋል። ማጠብ የሚባለው ይኸው ነው። ያልተፈጨ ህዋስ ውስጥ የቀረውን ማይቶኮንድሪያ ግን ማጠብ አያወጣውም።

ንጽህናው የሚለካው በኢንዛይም ነው። ሰክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚኖረው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ብቻ ነው። ለምሳሌ በተፈጨው ጉበት 100 ዩኒት ነበረ እንበል። በመጀመሪያው ዝቃጭ 22፣ በሁለተኛው 65፣ በቀረው ፈሳሽ 8 ተገኘ። ድምሩ 95 ስለሆነ ሒሳቡ ያስኬዳል፤ 60 ቢሆን ኖሮ ኢንዛይሙ የሆነ ቦታ ሞቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ዝቃጭ የያዘው ከጠቅላላው ፕሮቲን 25 በመቶውን ከሆነ፣ 65 ለ25 ሲካፈል 2.6 ይመጣል። ማይቶኮንድሪያው 2.6 እጥፍ በልጽጓል፣ ንጹህ ግን አልሆነም።

ዝቃጩንም በዓይን ማየት ነው። ከጠንካራው ቡናማ በላይ ልል፣ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይቀመጣል። በፒፔት ቀስ ተብሎ መነሳት አለበት። መብራት ሄዶ ማሽኑ በራሱ ከቆመ ማቀዝቀዣውም አብሮ ስለሚቆም ጊዜውንም ሙቀቱንም መመዝገብ ግድ ነው።

ላይሶሶም የሚባለው፣ በህዋስ ውስጥ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የያዘው ከረጢት ግን በማጠብም አይለቅም። መጠኑ ከማይቶኮንድሪያ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ አብሮ ይወርዳል። ደ ዱቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 ላይሶሶም ብለው ስም የሰጡትም የአንዳንድ ኢንዛይሞች ስርጭት ከማይቶኮንድሪያው ጋር አልገጥም ስላላቸው ነው። ስለዚህ ቱቦው ላይ «ማይቶኮንድሪያ» ብሎ ከመጻፍ «የ10,000 ዝቃጭ፣ አንዴ የታጠበ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።