ሪያድ ተቀምጦ ሻርጃ ያለ መኪና መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የነዳጅ መኪና እዚያ ርካሽ ነው፤ ቀረጡን ከፍዬ ለቤተሰብ አስገባለሁ»

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ቀረጥ መክፈል ክልከላውን አያነሳውም። «ጉምሩክ ሰው አለኝ፣ አስገባልሃለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

«ኤሌክትሪክ ከሆነ የትኛውም ያው ነው»

ሻርጃ ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች በብዛት ይሸጣሉ። የቻርጅ ማስገቢያቸው ጂቢ/ቲ ሲሆን ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ነው። ስለዚህ ቤተሰብ በሚኖርበት አካባቢ ያለው ቻርጀር የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። በቤት ሶኬት ይሞላል ካሉም ስሌቱ ይህ ነው፦ 220 ቮልት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለመሙላት 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ የሚባክነው ሲታሰብ 18 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያን ያህል ሰዓት ሳይቋረጥ ስለሚሠራ ኧርዝ ያለው ራሱን የቻለ መስመር ይዘርጋለት፤ አሮጌ የቤት ሽቦ ይግላል።

«ፎቶና የሻንሲ ቁጥር ልኮልኛል፤ መኪናው በእርግጥ አለ»

ፎቶውም ቁጥሩም ከሌላ ሰው ማስታወቂያ ሊገለበጡ ይችላሉ። ያም ሆኖ ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ I፣ O እና Q በፍጹም አይገቡበትም። በቻይና መኪኖች ላይ የመጀመሪያው ፊደል L ሲሆን አሥረኛው ደግሞ የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፦ M 2021፣ N 2022፣ P 2023፣ R 2024። ማስታወቂያው 2024 እያለ አሥረኛው N ከሆነ መኪናው የ2022 ሞዴል ነው፤ የሁለት ዓመት ልዩነት ዋጋውንም የባትሪውን ዕድሜም ይለውጣል።

ቀጥሎ የቀጥታ ቪዲዮ ይጠይቁ። ሻጩ ሳያቋርጥ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ቁጥር፣ በሾፌሩ በር አምድ ላይ ያለውን፣ ከዚያም የመኪናውን መመዝገቢያ ካርድ ማለትም ማልኪያውን ያሳይ፤ ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። ኪሎሜትሩንም የባትሪውን ጤንነትም ያስነብብ። «ኔትወርክ የለም፣ መኪናው ወደብ ላይ ነው» ካለ ገንዘብ አይላክም። ቪዲዮው ቢያረካም የሚያምኑት ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ይንዳው፤ ከመላክ በፊት የሚወጣ ትንሽ የፍተሻ ክፍያ እዚህ ላይ ገንዘብን ያድናል።

ክፍያው የንግድ ፈቃዱ ላይ ወዳለው የድርጅት ስም ሒሳብ ብቻ ይሂድ። «የድርጅቱ ሒሳብ ተዘግቷል፣ በወንድሜ ስም ላክ» የሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ ነው።

«ቢል ኦፍ ሌዲንግ ልኮልኛል፤ ቀሪውን ልክፈል»

ቢል ኦፍ ሌዲንግ መኪናው መርከብ ላይ መጫኑን የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ ስካን የተደረገ ወረቀት ግን በሐሰት በቀላሉ ይሠራል። በላዩ ላይ የተቀባዩ ስምና ሙሉው የሻንሲ ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። መኪናው በኮንቴይነር ከተጫነ የኮንቴይነሩ ቁጥር 4 ፊደልና 7 አኃዝ ነው፤ የሻጩን ሊንክ ሳይጫኑ የመርከብ ድርጅቱን ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው ያስገቡት። ጉዞው ወደ ጅቡቲ ካልሆነ ወይም ቁጥሩ ጨርሶ ካልተገኘ ቀሪውን ገንዘብ አይልቀቁ።