በድንኳን ሠርግ ላይ ወጥ ሳይበላሽ እንዲቆይ፦ የደጋሾች መቆጣጠሪያ

በጥር የሠርግ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ በድንኳን የሚደገስ ድግስ ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ቀን ጀምሮ እስከ ማታ ይዘልቃል። ቀይ ወጡ አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ስለሚሠራ፣ የምግብ አዘጋጁ መቆጣጠሪያ ከዚያ ሌሊት መጀመር አለበት።

በትልቅ ብረት ድስት የተሠራ የሥጋ ወጥ ተከድኖ ሲያድር፣ ዳር ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሃሉ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ መፍላትን የሚቋቋም ዘር መሰል አካል አለው፤ አየር በሌለበት ለብታ ውስጥ ይህ አካል ነቅቶ በፍጥነት ይራባል። የወጡ ሽታና ጣዕም ላይለወጥ ስለሚችል ቀምሶ ማረጋገጥ አይቻልም። እንግዶቹን የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚይዛቸውም ከበሉ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ለምሳሌ 60 ሊትር ወጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከእሳት ወረደ እንበል። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ወደ 8 ያህል ሰፋፊ ትሪዎች ይገለበጣል፤ ትሪዎቹም በረዶ በተጨመረበት ውሃ ላይ ተቀምጠው በንጹሕ ጭልፋ ይማሰላሉ። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በማቀዝቀዣ ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት መውረድ አለበት። ለዚህ የሚበቃ ማቀዝቀዣ ከሌለ ሽንኩርቱን ብቻ በዋዜማው ከትፎ፣ ሥጋውን በበረዶ አቆይቶ፣ ወጡን በሠርጉ ዕለት ጎህ ሳይቀድ መሥራት ይሻላል።

ጠዋት ወጡ በምድጃ ላይ እየተማሰለ መሃሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ይሞቃል። የቡፌ ማሞቂያው የሞቀውን እንደሞቀ ለማቆየት እንጂ የቀዘቀዘውን ለማሞቅ አቅም የለውም፤ ቀዝቃዛ ወጥ በላዩ ማስቀመጥ በሥራው ላይ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ነፋስ ነበልባሉን ስለሚያጠፋው ጎኑ መከለል ያስፈልጋል። አንድ ሰው በየሰዓቱ የእያንዳንዱን ትሪ መሃል በቴርሞሜትር ለክቶ ሰዓቱንና ዲግሪውን ይጻፍ። ከ60 ዲግሪ በታች የወረደው መቼ እንደወረደ በመዝገቡ ከታወቀና 2 ሰዓት ካልሞላው እንደገና ይሞቃል፤ ካልታወቀ ይጣላል። ባለቀ ትሪ ላይ አዲስ ወጥ መጨመር የቆየውንና ትኩሱን ስለሚያደባልቅ ትሪው ራሱ ይቀየር።

ቴርሞሜትሩ የሚፈተሸው በበረዶ ውሃ ሲሆን 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት። የአዲስ አበባ ከፍታ ውሃን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚያፈላ፣ በፈላ ውሃ 100ን የሚጠብቅ ሰው ደህናውን መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ሩዝ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለብ ብሎ በቆየበት ባሲለስ ሴሬየስ የሚያመነጨው መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። አይብ በበረዶ ላይ ይቀርባል። ጥሬ ክትፎ ደግሞ ቡፌ ላይ አይቆይም፤ ለበላተኛው ሲታዘዝ ብቻ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ይሠራ።

ማታ ቤተሰቡ ተራፊውን ሲካፈል የሚሰጠው ቡፌ ላይ ያልወጣውና በማቀዝቀዣ የቆየው ብቻ ነው፤ እሱም በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ፣ ክዳኑ ላይ የተሠራበት ሰዓት ተጽፎ ይሰጣል።